ምስክሯን የተወችው ሴት

ሽማግሌዎቹ ዋሹ። ድንቅቱ ከጓዳ ሆና ሰማቻቸው፦ «ልጃችን ወንዳፍራሽ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ የምትገባውን ልጅዎን ወዷት...» አባቷ ኦቦ ነገሳ እውነቱን ያውቃሉ፤ የቲያትር ትምህርት ቤቱን ማመልከቻ የፈረሙላት እሳቸው ናቸው። ግን እንግዳ ማሳፈር አልወደዱም። «ዘመድ ላማክር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው።

በማግስቱ፣ ወደ ቲያትር ፈተናዋ ስትሄድ፣ ወንዳፍራሽን ሰበታ አውቶቡስ ማቆሚያ አገኘችው። አስተማሪ ነው፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ከትኬት ቆራጩ ጋር ስትሟገት ሰምቶ «አንቺስ መድረክ ነው የሚያስፈልግሽ» ብሏት ነበር የተዋወቁት። የምትፈተንበትን የብቻ ንግግርም የጻፈላት እሱ ነው።

«ማን ነኝ እኔ?» አለችው።

«ድንቅዬ፣ ማሎ፣ እባክሽ አትቆጪ። አባቴ ተዋናይትን አዝማሪ ነው የሚሏት። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብለን...»

«ከሠርጉ በኋላ ሌላ ሴት ልሆን ነው?»

አውቶቡሱ መጣና ተሳፈሩ። እስከ አዲስ አበባ በመስኮት ስታይ ቆየች።

ንግግሩ የአንዲት ባለርስት ሴት ነበር። ችሎት ቆማለች። ባሏን አያናን ምስክር ጠርታዋለች፤ መሬቱ የአባቷ መሆኑን እንዲናገርላት ትፈልጋለች። እሱ ግን መሬቱን የሚከራከራትን ጎረቤት ፈርቶ ዝም ይላል። ወንዳፍራሽ መጨረሻው ላይ «ታለቅሳለች» ብሎ ጽፏል። ድንቅቱ በልምምድ ሁሉ አልቅሳለች፤ ሁሌም አንድ ነገር ይጎድላት ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ስሟን ተናገረች፤ የንግግሩን ርዕስ ተናገረች። ፈታኞቹን ዓይን ለዓይን ላለማየት ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ በምናቧ ዳኛውን አቆመች። አያናን ከቀኝ፣ ከመስኮቱ አጠገብ አቆመችው። ጀመረች፤ ለመነች፤ በመጨረሻም አለቀሰች።

«በቃ» አሉ መካከል የተቀመጡት ሽማግሌ ፈታኝ። «ካየናቸው ሁሉ ግማሾቹ አልቅሰዋል። ልጄ፣ ይቺ ሴት እዚህ ምን ልትወስድ ነው የመጣችው?»

«ቃሉን። እንዲናገርላት።»

«እሱ እንደማይናገር የምታውቀው መቼ ነው?»

ድንቅቱ አሰበች። «አንገቱን ሲደፋ።»

«ከዚያ ቅጽበት በፊት ያለችው ሴትና ከዚያ በኋላ ያለችው አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን አሳዪኝ። ድምፅሽን አታንሺ፤ እንባሽን ዋጪው። ድገሚው።»

ወንዳፍራሽ ከተከፈተው በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር፤ ሁሉንም ይሰማል።

«አያና፣ ተናገር» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «እዚያ መሬት ላይ ጥዱን አባቴ ሲተክል ውሃ ያቀበልከው አንተ ነህ። ከኔ ጋር ስትሆን አፍህ ማር ነው። ሰው ፊት ስንቆም ምን ነካህ? አንዲት ቃል ብቻ... አያና?»

ጠበቀች። መስኮቱ አጠገብ የቆመው ሰው አንገቱን ሲደፋ አየችው፤ የወንዳፍራሽ አንገት ነበር። ወደ ፊት የዘረጋችው እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ዓይኗን ከመስኮቱ ነቀለች፤ ፊቷን ወደ ዳኛው አዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ አልተንቀጠቀጠም።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ምስክሬን ትቼዋለሁ። ስለ ራሴ እኔው እናገራለሁ።»

ሽማግሌው ስሟ አጠገብ ምልክት አደረጉ።

«በመስከረም ነይ» አሉ ሽማግሌው።

ሰበታ እንደወረዱ ወንዳፍራሽ በቀጥታ ወደ አባቱ ወደ አቶ ዳኜ ጨርቅ ሱቅ ገባ። ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል። ድንቅቱ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ውሸት ነው፤ ያስዋሸኋቸው እኔ ነኝ። ድንቅቱ ቲያትር ልትማር ነው። ዛሬ ተፈትና አልፋለች።»

አቶ ዳኜ መቀሱን አስቀመጡ። «አዝማሪ ልታገባ?»

«ተዋናይት። አዝማሪም ብትሆን እሷኑ ነው የማገባው።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ፈልግ! የኔዎቹ ደጇን አይረግጡም!»

አንዲት ገበያተኛ «ኧረ ጌታው፣ በልጅ ነገር...» ስትል፣ «አንቺ አቡጀዲሽን ያዢ!» ብለው ጮኹባት።

ወንዳፍራሽ ፊቱ ቀልቶ ወጣ። «ተናገርኩ» አለ።

«ሰማሁ። ሸማኔው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ሁሉም ሰማ። እኔ ግን አሁንም ንድድ እንዳልኩ ነኝ።»

«ገባኝ።»

«ምን ገባህ! ከችሎቱ አስወጥቼህ ነው ያሸነፍኩት።»

«ከበሩ ውጭ ሆኜ ገብቶኛል። ያቺ ሴት ባሏን ትመልሰዋለች?»

ድንቅቱ አየችው። አንገቱ አሁን ቀና ብሏል።

«እሷን እንጃ» አለች። «አባቴ ግን እቤት ነው። የሰው ውሸት በትህትና ውጦ ተቀምጧል። ሄደህ እውነቱን በአፍህ ንገረው።»

«ብቻዬን? ያለ ሽማግሌ?»

«ብቻህን። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ፤ አንዲት ቃል ግን አላቀብልህም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ቀደም ቀደም አለች። እሱ ከኋላዋ ተከተለ፤ ትንሽ እንደሄዱ እርምጃዋን አዘገየችለት።