«ጾመኛ ናት»

«ለዱንያ አታቅርቡላት፤ ጾመኛ ናት!» አሉ አክስቷ እትዬ መስቱራ፣ ቤቱን የሞላው ዘመድ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው።

ዱንያ አንገቷን ደፋች። የእትዬ መስቱራ ትልቋ ልጅ ወልዳ ዛሬ ለሕፃኑ ስም ይወጣለታል፤ በግ ታርዶ መቱ ከተማ ያለ ዘመድ በሙሉ ተጠርቷል። ከኢድ በኋላ ባለው በሸዋል ወር ስድስት ቀን የሚጾም ሰው ሲገኝ ሁሉም ደስ ይለዋል። ብላ ብሎ የሚጎተጉተው የለም። ዱንያ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

ችግሩ፣ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው።

«ስድስት ቀን ነው አላልሽኝም?» ብላት ነበር ጓደኛዋ ኡርጂ፣ ትናንት ትምህርት ቤት። ዱንያ ደረጃ ስትወርድ ዓይኗ ጭልም ብሎባት ግድግዳ ይዛ ቆማ ነበር። «ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል!»

«በረመዳን ያመለጡኝን ቀኖች እየከፈልኩ ነው» አለቻት ዱንያ። ይህም ውሸት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በኢድ ዕለት፣ እዚሁ ቤት ነው። ሁለተኛ ሳምቡሳ ስታነሳ እትዬ መስቱራ «ኧረ ቀስ በይ፣ ለእንግዳም አስተርፊ! በዚህ አያያዝሽ በሩን ልናሰፋልሽ ነው» አሏት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዱንያም ሳቀች፤ ምን ታድርግ? በሳምንቱ ደግሞ የስፖርት መምህሩ ለቮሊቦል ሲመርጡ «አንቺ እንኳ ቁጭ ብለሽ ነጥብ ያዢ» አሏት፤ ከኋላ አንዱ «ኩንታል!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን ቮሊቦል ነፍሷ ነው። ሰርቭ ስትመታ ከክፍሉ የሚስተካከላት የለም። በማግሥቱ መጾም ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ስፖርት በመጣ ቁጥር «ጾም ላይ ነኝ» እያለች ጥላ ሥር ትቀመጣለች።

ቀን ቀን ውሃ እንኳ አትነካም። ሲመሽ ከእናቷ ጋር ቴምር ቀምሳ፣ ትንሽ ሾርባ ጠጥታ «ጠገብኩ» ትላለች። ከዚያ ከሱቃቸው ጓዳ ገብታ፣ ቆማ፣ ጣዕሙን እንኳ ሳትለየው፣ ሆዷን እስኪያማት ብስኩት ትበላለች። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ነገ ከዚህ የባሰ እንደምትራብ ለራሷ ትምላለች። ቀሚሷ ያው እንደጠበባት ነው። ሰው እንዲህ ተርቦ እንዴት አይከሳም? ወይስ ሆዳሟ እሷ ብቻ ናት? እናቷን እንዳትጠይቃት፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኞች «ወንበሩ ይችልሻል?» ሲሏት አብራ የምትስቀው እናቷ ናት። እንዲህ በተባለች ቀን እናቷም እራት አትበላም።

«አያችሁ ጾሙ እንዴት እንዳማረባት?» ቀጠሉ እትዬ መስቱራ። «ማሻአላህ፣ ወገብ አወጣች!»

ዱንያ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላላት በራሷ ተናደደች። የምትራበው ለአላህ ነው ወይስ ለእትዬ መስቱራ?

እትዬ መስቱራ ወደ ትንሿ ልጃቸው ዞሩ። ዘህራ አሥር ዓመቷ ነው፤ ከዱንያ አጠገብ ተቀምጣ አጥንት ትግጣለች። «አንቺም ከእሷ ተማሪ። ከነገ ጀምሮ አብረሻት ትጾሚያለሽ፤ ያ ጉንጭሽም ትንሽ ጎደል ይልልናል።»

ሁሉም ሳቁ። ዘህራም ሳቀች። ከዚያ አጥንቱን አስቀመጠች፣ ጣቶቿን ጠረገችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«ጠገብኩ» አለች።

ዱንያ ደነገጠች። ያ «ጠገብኩ» የራሷ ነበር።

ዘህራ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ዱንዬ፣ እኔን ክፍል ውስጥ ዱባ ነው የሚሉኝ። ስንት ቀን ስጾም ይተዉኛል?»

ዱንያ ምን ትበል? «ዘጠኝ ቀን ሞክሬዋለሁ» ትበላት? እውነቱን ብታወጣ በጾም ስም ዋሸች ይባላል፤ በዚህ ሁሉ ዘመድ ፊት እናቷን ታሳፍራለች። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ዘህራ ሳትበላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ሳህኑን ወደ ሁለታቸው መሃል ሳበችው። እንጀራ ቆርሳ፣ ወጡን አጥቅሳ፣ ጎረሰች።

ቤቱን የሞላው ዘመድ ወደ እሷ ዞረ።

«ውይ ልጄ፣ ረሳሽው?» አሉ እትዬ መስቱራ።

«አልረሳሁም፣ አክስቴ።» አለች ዱንያ። «ዛሬ ጾመኛ አይደለሁም። ትናንትም አልነበርኩም። «በሩን ልናሰፋልሽ ነው» እንዳትሉኝ ነው የተራብኩት።»

እናቷ ከማዶ አፍጥጣ አየቻት። ተቆጥታ ይሁን ልታለቅስ ዱንያ መለየት አልቻለችም። ተነስታ መውጣት አማራት። አልተነሳችም። ከሥጋው ለስለስ ያለውን መርጣ በዘህራ በኩል አስቀመጠችና፣ ሁሉም እያያት ሁለተኛውን ጎረሰች።