የቀሪዋ ቃል

«ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ። በወርጋዝ ንጉሥ በዘምባር ፈቃድ፣ ነገ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች።»

አዋጅ ነጋሪው ጎልማ ይህን ብሎ ከድንጋዩ ወረደ። ሕዝቡም ፈራ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፀሐይ ያለ ማንም ፈቃድ ትወጣ ነበርና፣ ፈቃድ ካስፈለጋት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የተበላሸው ይህ ነበር። ከወርጋዝ በታች ባለው ገደል ውስጥ ዱም የሚባል የጭጋግ አውሬ ይኖራል። አካል የለውም፤ አፍ ግን አለው። የሸፈነው መንደር እስከነከብቱ ይጠፋል። የሚያባርረው ነጎዳ የተባለው ታላቁ ነጋሪት ብቻ ሲሆን፣ ዱም የነጎዳን መምቻ ሰርቆ ገደሉ ገብቷል። መምቻው መሰረቁ የታወቀው በሦስተኛው ወር ነው። ያረጀው ባለ ነጋሪት ባዶ እጁን በቆዳው ላይ ሲያወዛውዝ፣ ቤተ መንግሥቱ እንደ ልማዱ ጆሮውን ይዞ «አቤት ድምፅ» ይል ነበርና።

ንጉሡም «መምቻውን ያመጣ ባለ ነጋሪት ይሁን» አሉ። ሁለት ሴቶች ብቻ ተነሡ፤ ማርዛና ሊባ። ማርዛ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የተገለበጠ ሙቀጫ እየደበደበች ጎረቤት ያስመረረች፣ ከዚህ ሌላ ምኞት ያልነበራት ናት። ሊባ ደግሞ ከሙቀጫው ማዶ ተቀምጣ ከእርሷ የተማረች ጓደኛዋ ናት።

በንጉሡ ፊት አንድ ገመድ ለሁለት ይዘው ማሉ። «ገመዱ ቢበጠስ ቃላችን አይበጠስ። አንዷ ብትቀር ሌላዋ ትድረስ።»

ማርዛ ይህን ስትምል የምትቀረው ማን እንደሆነች ለአፍታም አልተጠራጠረችም።

ሦስት ቀን ተጓዙ። ጥቁሩ ረግረግ በቅሏቸውን ዋጠ፤ ድምፅ የሌላቸው አሞሮች ስንቃቸውን ጨረሱት። በገደሉ አፋፍ ላይ ዕጣ ተጣጣሉና ለማርዛ ወጣ። ገመዱን ወገቧ ላይ አሠረች። ምልክታቸው የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጎተተ ልቀቂ፣ ሁለት ጊዜ ሳቢ፣ ሦስት ጊዜ ደርሻለሁ።

የዱም ዋጋም የታወቀ ነው። አፉ ውስጥ የገባ ሰው ጆሮውን እዚያው ትቶ ይወጣል።

ማርዛ ቁልቁል አየች። የገዛ ነጋሪቷን የማትሰማ ባለ ነጋሪት ታየቻት። የቆመችው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው።

«ፍቺው» አለች ሊባ።

«እየወረድኩ ነው።»

«አልወረድሽም። ፍቺው ባክሽ፤ እኔ እንደሁ ድሮም ዜማ አልይዝም» አለችና ራሷ ከማርዛ ወገብ ፈትታ ታጠቀችው። ወረደች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ገመዱ ማርዛ እጅ ላይ ሦስት ጊዜ ተጎተተ።

ሊባ መምቻውን በጥርሷ ነክሳ፣ ከሁለት ጆሮዋ ደም እየፈሰሰ ወጣች። ማርዛ አቀፈቻት። እጆቿ ሊባን አቀፉ፤ ዓይኗ መምቻውን።

የመልሱን መንገድ ማርዛ በንዴት ፈጀችው። ሊባ ደንቁራም ማንጎራጎሯ አናደዳት። ያለ ዜማ ማንጎራጎሯ የባሰ አናደዳት። በየመንደሩ እልል ሲባልላት አለመስማቷ፣ «ምን አሉ?» እያለች ማስደገሟ፣ ማርዛ ራሷም ውዳሴውን በከንፈሯ እየቀረጸች መድገሟ አንጀቷን አቃጠለው። ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ያች አንዲት ትንፋሽ ናት። በሦስቱ ቀን ውስጥ «እዚያ ታች ምን አገኘሽ?» ብላ አንድ ጊዜ አልጠየቀቻትም።

ቤተ መንግሥት ሲደርሱ ጭጋጉ የአዳራሹን የመጀመሪያ ደረጃ ረግጦ ነበር። ሊቀ ሕጉ ብራናውን ዘረጋ። «ነጎዳ የሚጮኸው፣ አብሮ ወጥቶ ሳይደርስ የቀረ፣ ለደረሰው ከልቡ እንኳን ደስ ያለህ ሲል ነው።» መኳንንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ሕግ ከአያቶቻቸው ጀምሮ በየሹመቱ ይነበባል፤ የቀረው ሁሉ ያማረ ቃል ይናገራል፤ ሁሉም ጆሮውን ይይዛል።

ለማርዛም የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ቃል አዘጋጅቶላት ነበር። «የኮከቦች እህት፣ የነጎድጓድ ሙሽራ፣ ደስታሽ ደስታዬ ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አለች ሳትሳሳት።

ሊባ መታች። ነጎዳ መሬት ላይ እንደ ወደቀ የዱቄት ከረጢት «ድፍ» አለ። መኳንንቱ የታጠቡ እጆቻቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡ። ጭጋጉ ሁለተኛውን ደረጃ ወጣ።

«ዘንድሮም ጆሮ ይበጥሳል» አሉ ንጉሡ።

«ምን አሉ?» አለች ሊባ፣ የደነቆረ ሰው በሚናገረው ልክ ጮክ ብላ።

«ጆሮ ይበጥሳል አሉ» አለች ማርዛ በከንፈሯ።

«የኔስ ተበጥሷል፤ የእሳቸው ምን ሆነ?» ሊባ ደጁን አየች፤ ከዚያ የማርዛን ፊት። «ዋሸሽኝ። ከሙቀጫ ማዶ ይሄን ፊት ስንት ዓመት አይቼዋለሁ።»

ማርዛ ጥርሷን ነከሰች። «እሺ። ዕድለኛ ነሽ። ዕጣው የወጣው ለኔ ነበር፤ ብወርድ ኖሮ እኔም…»

ጭጋጉ ሦስተኛውን ደረጃ ወጣ። ከደጁ አጠገብ የቆመው ዘበኛ እስከ ጉልበቱ ጠፋ። ማርዛ «ብወርድ ኖሮ» የምትለውን ቃል አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ አገኘችው። አልወረደችም። ንዴቷ ከሊባ ላይ ተነሥቶ ያረፈበትን ስታየው የራሷ ቤት ነበር።

የሊባን መቀነት ጨምድዳ ፊቷን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ከንፈሯን በደንብ እንድታነብ።

«እኔ ነበርኩ የምፈልገው። አሁንም እፈልገዋለሁ። ይሄ የኔ ሐዘን ነው፤ እንድታባብዪኝ አይደለም የምነግርሽ፣ ለብቻዬ አለቅሰዋለሁ። ያንቺ ሌላ ነው። ዕድል አልነበረም። ገመዱን ከወገቤ ስትፈቺ ጣቶችሽ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አይቻለሁ፣ ያላየሁ መሰልኩ። ሁለታችንም ፈራን፤ አንቺ ፈርተሽ ወረድሽ። ሦስቱን ስትጎትቺ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ‹ደረሰች፣ የኔዋ ሊባ ደረሰች› የሚል ነው፤ እሱን እስከዛሬ ነፈግኩሽ። መምቻውን ማንም አላገኘልሽም፤ አንቺ ነሽ ያመጣሽው። እንኳን ደስ ያለሽ። እዚያ ታች የሆነውን ደግሞ አንድ ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ።»

ከዚያ መቀነቱን ሦስት ጊዜ ጎተተችው።

ሊባ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና መምቻውን አነሣች።

መታች።

ድምፁ መጀመሪያ በወለሉ መጣ፤ ቀጥሎ በደረት፤ ጆሮ የደረሰው በመጨረሻ ነው። የጣሪያው አቧራ ወረደ። ጭጋጉ እንደ ተረገጠ ውሻ ተኮማትሮ ደረጃውን፣ በሩን፣ ሜዳውን ለቅቆ ወደ ገደሉ ተንከባለለ፤ ዘበኛውም ጉልበቱን አገኘ። ሊባ አልሰማችም። ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አጥብቃ፣ መዳፏን ቆዳው ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ማርዛ ላይ ተክላ ቆመች።

ከመኳንንቱ ጆሮውን መያዝ ያስታወሰ አንድም አልነበረም። ጎልማ ሠላሳ ዓመት በየበዓሉ «ነጎዳ ተሰማ» ሲል የኖረው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። የንጉሡ ዋንጫ ከእጃቸው ወድቆ እስከ ሊባ እግር ድረስ ተንከባለለ።

ንጉሥ ዘምባር ከዙፋናቸው ግማሽ ተነሥተው፣ ወደ ሊቀ ሕጉ ዘንበል አሉና በቀስታ ጠየቁ።

«ምንድን ነው እሱ?»