በቀር የሌለው ሕግ

በአርዜና ምድር የቃል ልጓም በተሰበረበት ዕለት፣ አንዲት እናት ውኃ ቅዳ ብትለው እንቢ ያላትን ልጇን «እሳት ይብላህ!» ብላ ተቆጣች። እሳትም በላው። ከዚያ ወዲህ የአርዜና ሰዎች አፋቸውን በጨርቅ አስረው መኖር ጀመሩ።

ልጓሙ የናስ ሰሌዳ ነበር፤ አስማት ያለ ዋጋ እንዳይሠራ የሚያግድ ጥንታዊ ሕግ ተቀርጾበታል። የጦር አበጋዙ ጎርማስ ሰርቆ ሰበረው። ዋጋ ሲጠፋ ማንም በቃሉ ያሻውን ማድረግ ቻለ። ጎርማስ ከተማ ሲያቃጥል ሕዝቡ በቃል መልሶ ይሠራል፤ እርሱም መልሶ ያቃጥላል። የሞተ ወታደሩን «ተነሥ» ይለዋል፤ ይነሣል። ማንም አላሸነፈም፤ ሞትም እንኳ ማረፊያ መሆኑ ቀረ።

የአንጥረኛው ልጅ እልፍያ አዲስ ሕግ ልትናገር ቃል ወደሚፈልቅበት ዋሻ ተነሣች። ወንድሟ ደምሳሽና አረጋዊው የሕግ መምህር ምሕርካ አብረዋት ወጡ። በመንገድ ላይ የጎርማስ ጦረኛ ደምሳሽን ደረቱን በጦር ወግቶ ገደለው። እልፍያ ሬሳውን አቅፋ «ተነሥ!» ብላ ጮኸች። ተነሣ። ሳቁም፣ የእጁም ሙቀት እንደ ቀድሞው ነበር።

ዋሻው ውስጥ ምንጩ ጥቁር ሆኖ ያለ ድምፅ ይፈላ ነበር።

«ምንጩ የሚሰማሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉ መምህር ምሕርካ። «የረሳሽው አይታረምም። ዋጋው ምን ይሁን?»

«ወርቅ ይሁና!» አለ ደምሳሽ።

«ባለጠጋ ያሻውን ያደርጋል፤ ድኻ ይቃጠላል» አሉ መምህሩ።

«ዕድሜ ይሁን» አለች እልፍያ።

«የማን ዕድሜ? ካልወሰንሽው ጎርማስ የምርኮኞቹን ይከፍላል።»

«እንግዲያው ተናጋሪው ከገዛ አካሉ ይክፈል፤ እንደ ሥራው ክብደት። ደግሞም አስቀድሞ ይክፈል። ኋላ ከሆነ አገር አጥፍቶ ይሞታል፤ የጠፋው ግን አይመለስም። አካሉ ካልበቃም ሥራው አይፈጸም።»

አረጋዊው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ሙታንስ?»

ደምሳሽ ደረቱን ዳሰሰ።

«ሕይወቱን ፈቅዶ የሚሰጥ ሰው ካለ ሙት ይነሣ ብንልስ?» አለ።

«ጌቶች ሰይፍ አንገት ላይ አድርገው ‹ፈቅጄ ነው› ያሰኛሉ» አሉ መምህሩ። «ያለ ዋጋ የተነሣ ሁሉ ወደ ሞቱ ካልተመለሰም የጎርማስ ሠራዊት እንደ ቆመ ይቀራል።»

«እኔን ብቻ አስቀሪኝ!» ደምሳሽ የእህቱን ክንድ ያዘ። «‹ከደምሳሽ በቀር› በዪ። አንዲት ቃል ናት፣ እህቴ። ማንን እጎዳለሁ?»

«በአሮጌው ሕግም ‹ከንጉሡ ልጅና ከዘሩ በቀር› የምትል ቃል ነበረች» አሉ መምህሩ በዝግታ። «አባት ለልጁ ሳስቶ ያስገባት። ጎርማስ የዚያ ልጅ ዘር ነው። ልጓሙን ዋጋ ሳይከፍል የሰበረው በእርሷ ሾልኮ ነው።»

ከውጭ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። «እፈራለሁ» አለ ደምሳሽ። ቀጥሎም ዓይኑን ጨፈነ። «እጄን ያዢና ተናገሪ። ቶሎ በዪ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።»

እልፍያ እጁን ይዛ ተንበረከከች።

«ቃል ዋጋ ይኑረው! ተናጋሪው አስቀድሞ ከገዛ አካሉ፣ በሥራው ልክ ይክፈል። አካሉ የማይበቃው ሥራ አይፈጸም። የሞተ አይነሣ፤ ያለ ዋጋ የተነሣም ወደ ሞቱ ይመለስ። ከዚህ ሕግ ማንም አይቀር፤ እኔም፣ የእኔ የሆነውም!»

ምንጩ ጸጥ አለ። የደምሳሽ ቁስል ተከፈተ፤ እጁ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ። ከዋሻው ደጃፍ የጎርማስ ሠራዊት እንደ ታጨደ እህል ወደቀ።

ጎርማስ ሰይፉን መዞ ብቻውን ገባ። በዕድሜው ዋጋ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

«ተራራው ይጫናችሁ!» ብሎ አገሣ።

ተራራው አልተነቃነቀም። የጎርማስ እጅ ከነሰይፉ ረገፈ፤ ቀጥሎ ክንዱ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ። ቃሉን ሊመልስ አፉን ቢከፍትም ምላሱ አስቀድሞ ተከፍሎ ነበር። በመጨረሻ ባዶ የብረት ጥሩሩ ድንጋዩ ላይ ተንኳኳ።

የድል እልልታ አልነበረም። እልፍያ ወንድሟን በነጠላዋ ሸፈነችው። የዋሻው ወለል ጥቁር ዓለት ነው፤ ደጁን የሬሳ ሽታ የጠራቸው አራዊት ከበውታል፤ አረጋዊውም ሬሳ መሸከም አይችሉም።

የግራ እጇን ዓለቱ ላይ አኖረች። «ለወንድሜ ቁመት ያህል ተከፈት።»

መጀመሪያ ትንሿ ጣቷ፣ ከዚያም የቀለበት ጣቷ እንደ ቅጠል ደርቀው ወደቁ። ጥርሷን ነከሰች። ዓለቱ የተሰነጠቀው ከዚያ በኋላ ነበር፤ በደምሳሽ ቁመት ልክ፣ ስንዝር እንኳ ሳይተርፍ። ወንድሟን ጎትታ በውስጡ አጋደመችው።

«ልጄ፣ መዝጊያውን ቃል እኔ ልናገር። ሽማግሌ ነኝ፤ ጣት ምን ያደርግልኛል?» አሉ መምህር ምሕርካ እያለቀሱ።

«አይሆንም፣ መምህር» አለች። «ይሄ በእጅ የሚሠራ ነው።»

ስብርባሪውን ድንጋይ በቀሩት ጣቶቿ እያነሣች በላዩ ደረደረችው። አረጋዊውም አጠገቧ ተንበርክከው ያቀብሏት ጀመር።