ፊዚክስ ያነበበኝ ቀን

«ለጥፊው በቃ፤ ከዚህ የተሻለ አናገኝም» አለ ቻርጀር።

ቅጽል ስሙ የወጣለት ያለ ቻርጀር ከቤት ስለማይወጣ ነው። የተማሪዎች ማኅበሩን የኢንተርኔት ገጽ ከቅንፍ ጋር ይዘውታል፤ እሱ ፎቶ ያመጣል፣ እሷ ጽሑፍ ትጽፋለች። ቅንፍ ያሏት ደግሞ በሰው ወሬ መሀል ጣልቃ መግባት ስለምትወድ ነው። ዛሬ ግን ለዚያም አቅም የላትም። የፈተናው ሳምንት ገና አላለቀም፤ ዓይኗ ሽንኩርት ስትልጥ የዋለች ይመስል ይቆጠቁጣታል።

ስልኩን አስጠግታ አየች። የክፍላቸው ዝምተኛ ልጅ የፊዚክስ መጽሐፉ ላይ ተደፍቶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የመጽሐፉ ቅጠል ጥግ በለሃጩ ርሷል። ከላይ «ፊዚክስ ላንብብ ብሎ ተቀመጠ» ይላል። ከታች ደግሞ «ፊዚክስ አነበበው»።

ሳቋ አመለጣት። ያስቃል እኮ፣ ምን ይደረግ። የላይኛው መስመር ያመቻቻል፣ የታችኛው ይጥላል፤ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ጥቁር ስለሆነ በትንሽ ስልክም ይነበባል። እሷ ጠዋት «ማታ አነባለሁ ያልኩት ማታ፣ የትኛው ማታ ነበር?» ብላ ለጥፋ ነበር። አንድ ላይክ እንኳ፣ ወፍ የለም።

ዝምተኛው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ፊቱን እያሸ ያችኑ የራሰች የመጽሐፍ ቅጠል ያነባል። ባለፈው ፊዚክስ ወድቆ ሲቀለድበት ነው የከረመው። ፈተናው ነገ ነው። ይሄ ከተለጠፈ አዳራሹ እየሳቀ ይቀበለዋል።

«"ተቀመጠ" አይሆንም» አለች። «እኛ ገጽ ላይ የሚቀለደው በ"እኔ" ነው። ያኔ ሰው "እኔም" ብሎ ይጽፍልናል። "እሱ" ካልን ግን ጣት መቀሰር ነው።»

ቻርጀር ተነፈሰና ነካካው። «ይኸው፤ "ፊዚክስ ላንብብ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊዚክስ አነበበኝ።" አሁንስ?»

አየችው። ጽሑፉ «እኔ» ይላል፣ ፎቶው ግን አሁንም «እሱ» ነው።

«ፊቱን በኢሞጂ እንሸፍነዋ» አለ ቻርጀር።

«ያንን ጃኬት የማያውቅ ማን አለ?»

«እንግዲያ ሌላ ፎቶ የለኝም። ደክሞኛል፣ እናቴን።»

እሷም ደክሟታል። ስልኳን አቀበለችውና የራሷን መጽሐፍ ስባ ጉንጯን ደፋችበት።

«አንሳኝ።»

«አንቺን? ፀጉርሽ እኮ ቆሟል።»

«ይቁም።»

አፏን ከፈተች። ወረቀቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ቢዘገይ የምር እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ቻርጀር እየሳቀ አነሳትና ጽሑፉን ጫነበት።

«የእሱንስ?»

«አጥፋው። እያየሁህ።»

አጠፋው። ቅንፍ የራሷን ፎቶ አየች። ታስጠላለች። አፈረች፤ ነገ ፈተና ስትገባ የሚሳቀው በእሷ ነው። «ለጥፍ» የሚለውን ተጫነችና ወደ ፊዚክሷ ተመለሰች።