የቫርኒሽ ክፍሉ ጥያቄ

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ከምሳ በኋላ ሞቶ የተገኘው በቫርኒሽ ክፍሉ ውስጥ ነው። ገና ካልደረቀ ቁም ሳጥን ሥር ተዘርሯል፤ አጠገቡ አንድ ጣሳ ቲነር፣ የቫርኒሽ ማቅጠኛው፣ ተደፍቷል። ያገኘችው ሚስቱ ናት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አየር ማውጫው ማራገቢያ ግን ጠፍቶ ነበር፤ የቲነሩ ትነት አፍኖታል። መርማሪዋ ስትደርስ ቤተሰቡ ገዳዩን መርጦ ጨርሷል።

«እሱ ነው!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ጣቱን በሽማግሌው ቀለም ቀቢ ላይ ቀስሮ። «ማራገቢያውን የሚያበራም የሚያጠፋም እሱ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ ሴትዮ? እሰሪው እንጂ!»

«ሰው ከማሰሬ በፊት የመጠየቅ መጥፎ ልማድ አለብኝ» አለች መርማሪዋ።

ሽማግሌው ራሱን አልተከላከለም። ኮሪደሩና ክፍሉ ከታሸጉ ወዲህ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቼ ይከፈታል?» ይላል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ የሟች ሚስት ቱግ አለች።

«ሃያ ዓመት አብሮን ኖሮ! ባሌ ሳይቀበር ማስረጃ ሊያጠፋ ይጣደፋል!»

መርማሪዋ ግን ማስረጃ ማጥፋት የፈለገ ሰው በፖሊስ ፊት ሦስት ጊዜ በር ክፈቱልኝ አይልም ብላ አሰበች። ሽማግሌውን ወደ ጣውላው መጋዘን ወስዳ ወንበር ሰጠችው።

«ነገ ይከፈታል ብልዎት፣ ጋሼ፣ መጀመሪያ የት ይሄዳሉ?»

«ኮሪደሩ ላይ ያለው የማራገቢያው ማብሪያ ጋ።»

«እሱ ጋ ምን አለ?»

«ተበላሽቶ እንደሆነ ላየው ነው፣ ልጄ። ለምሳ ስወጣ አጥፍቼው ይሆን? ሁልጊዜ እንደበራ እተወዋለሁ፤ ዛሬ ግን ትዝ አይለኝም። እኔ ገድዬው ይሆን?»

መርማሪዋ እንዲያው አይዞዎት ማለት አልፈለገችም፤ ሰውየው የሚፈልገው እውነቱን ነው። ወደ ሚስትየው ተመለሰች።

«ለባለቤትዎ ምሳ ሲያመጡ ሽማግሌውን አይተውታል?»

«በሩ ላይ ተላለፍን። እሱ ሲወጣ እኔ ገባሁ።»

«ባለቤትዎንስ አነጋገሩት?»

«ምን ንግግር አለ? ያ ማራገቢያ እየጮኸ! ምሳህን ብዬ ጮኼ፣ አስቀምጬ ወጣሁ።»

ያን ጊዜ ወንድምየው ወደ መርማሪዋ ቀረበ። ድምፁ ለስልሷል።

«ወንድሜ ተሰቃይቶ ይሆን?»

«ሐኪሙ ቶሎ ራሱን ስቷል ይላል።»

እፎይ አላለም። «እና አልተነሳም?»

«ምን ብነግርዎ ይቀልልዎታል?»

«እንዲያው… እጁ ተጎድቶ፣ ጮሆ እንደሆነ ብዬ ነው። እኔ መጋዙ ላይ ነበርኩ። መጋዝ ሲዞር ምንም አይሰማም።»

«ልክ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ሦስቱንም ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጨረስሽ?» አለ ወንድምየው። «ውሰጂው እንግዲህ!»

«ሽማግሌው የጠየቀኝ ስለ በር ነበር፤ የጨነቀው ግን ሰው ገድዬ ይሆን የሚለው ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ማራገቢያው ይሠራ እንደነበር እርስዎ ራስዎ መሰከሩ፣ እመቤት። ስለዚህ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው።»

ሽማግሌው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

«እርስዎ ደግሞ» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ፣ «ተሰቃይቷል ወይ አሉኝ። ማንም ወንድም ይጠይቃል፤ እኔም አመንኩዎት። ግን ቶሎ ራሱን ሳተ ስልዎ አላረፉም። ያዘነ ሰው እዚያ ላይ ያርፋል ወይም ያለቅሳል። ምን እንደሚያስጨንቅዎ ስጠይቅ ስለ እጁ አነሱ። በሩ ክፍት ሆኖ ነው የተገኘው። በክፍት በር የሚወጣ ሰው እጁ በምን ይጎዳል?»

«አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት!»

«የወንድምዎ መዳፎች በር በመደብደብ በልዘዋል። ይህን የምናውቀው ሐኪሙና እኔ ብቻ ነን። በሩ አቧራ እንዳይገባ በውጭ በኩል መቀርቀሪያ አለው። ቲነሩን ደፍተው፣ ማራገቢያውን አጥፍተው ቀረቀሩበት። ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ሳለ መጋዝ አስነሱ። ወንድምዎ ዝም ሲል በሩን ከፈቱ።»

«በምን ምክንያት?» አለች ሚስትየው፤ ግን መልሱን ራሷ አገኘችው። ባሏ ጠዋት ለሠራተኛው ሁሉ ሲናገር ሰምታለች፤ ከነገ ጀምሮ የሁሉም አለቃ ሽማግሌው ነው ብሎ ነበር። ታናሽየው ያን ጊዜ ስቆ ነበር።

«አባቴ በሠራው ቤት ቀለም ቀቢ ሊያዘኝ!» ብሎ ጮኸ ወንድምየው።

«ማወቅ የፈለጉት መሰቃየቱን አልነበረም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ከእርስዎ ሌላ ማን ሰማው የሚለውን ነው።»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ስሜን ነበር የሚጠራው» አለ። «መጋዙ አልሸፈነውም።»

ሚስትየው ተጠግታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ስንት ጊዜ ጠራህ?»

ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው እስኪያወጡት ድረስ እዚያው ቆማ መልሱን ጠበቀች።